ሁለት ዓርቦች

የእናቴ የዓይን ቀጠሮ ያመለጠው በአንድ ቃል ነው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበበው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም፣ ሁለታችንም አልዘነጋንም። እንዲያውም ሁለታችንም ቀኑን በጉጉት ስንቆጥር ነበር። የየራሳችንን ዓርብ ነበር የምንቆጥረው።

እማዬ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ከወንድሜ ጋር ነው። በቀኝ ዓይኗ ላይ ያለው ሞራ ከገነነ ዓመት አልፎት ነበር። ቡና ስትቀዳ ሲኒው መሙላቱን የምታውቀው በድምፁ ነው። ጆሮዋን ዘንበል ታደርግና ልክ ሲደርስ ጀበናውን ቀና ታደርጋለች። እኛ ይህን እያየን እንስቅ ነበር፤ እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ግራው ዓይኗም ሲጀምረው ግን ሳቁ ቀረ። አዲስ አበባ ላለሁት ለእኔ የሕክምናው ነገር ተሰጠኝ፤ ተመላልሼ ቀጠሮ አስያዝኩላት።

ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የሥላሴ ዕለት። ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የእማዬ ቀጠሮ የሚቀጥለው ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ ይዘሃት ግባ፣ እኔ ጋ ታድራላችሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለኝ።

እኔ ስጽፍ የነበረኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዛሬ እሑድ ነው፣ ይህ ሳምንት ዛሬ ያልቃል። ነገ ሰኞ የሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። ስለዚህ «የሚቀጥለው ዓርብ» ማለት ከአምስት ቀን በኋላ ያለው፣ ሐምሌ 12 ነው። እኔ ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሳምንቴ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል።

ወንድሜ ግን ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። በእሱ ቤት ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ነው። የቀኖቹ ስምም ቢሆን ለእሱ ነው የሚፈርደው፤ ሰኞ በግእዙ ሰኑይ፣ ሁለተኛ ማለት ነው፤ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ከእሑድ ካልጀመርክ ይህ ቁጥር አይመጣልህም። ስለዚህ እሱ ያን እሑድ አዲስ ሳምንት ውስጥ ገብቷል። ሐምሌ 12 «የዚህ ሳምንት ዓርብ» ነው፤ «የሚቀጥለው» ደግሞ ከእሱ በኋላ ያለው፣ ሐምሌ 19።

በኋላ ስናወራው «ብቻውን ዓርብ ብትለኝ ኖሮ እኮ ለ12 ይዣት እመጣ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። «የሚቀጥለው» የሚለውን የጨመርኩት ነገሩን ላጠራ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ዝም ብሎ ዓርብ ያላለኝ ሌላኛውን ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ ተረጎመው። ቃሉ ራሱ ምን እንደሚቀጥል አይናገርም። ከዛሬ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው? ወይስ ከዚህኛው ዓርብ ቀጥሎ ያለውን?

ማክሰኞ ዕለት ግን ነገሩ ሊድን ይችል ነበር። ወንድሜ ሥራ ቦታው ፈቃድ ሊሞላ ፈልጎ «ጋሼ፣ ዓርቡ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበረ። አወጣሁት። በኮምፒዩተር የታተመ ካርድ ነው፣ ቀኑ 19/07/2024 ይላል። መንገድ ላይ ስለነበርኩ በአጭሩ መለስኩለት፦ «19»።

«እሺ» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ማለት በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ ጁላይ 26። ስለዚህ እኔ «19» ስል የፈረንጆቹን፣ የመጀመሪያውን ዓርብ ማለቴ ነበር። እሱ «19»ን ሲያነብ የእኛን፣ ሁለተኛውን ዓርብ አየ። ሁለቱም ዓርብ ናቸው፣ ሁለቱም 19 ናቸው። ጥርጣሬውን ሊያጠፋለት የላክሁለት ቁጥር ስህተቱን አተመበት።

ይህ የዚያ ዓመት ዕድል ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል፤ ሰኔ 1 ደግሞ ጁን 8 ላይ። በሁለቱ ወራት ውስጥ የእኛና የፈረንጆቹ ቁጥር ልዩነት ልክ ሰባት ነው፤ ሰባት ደግሞ አንድ ሙሉ ሳምንት ነው። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ አንድ ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር ተመሳሳይ የሳምንት ቀን ላይ ይወድቃል፣ አንድ ሳምንት ተራርቆ። የካቲትም በአብዛኛው ዓመት እንዲሁ ነው። በሌሎቹ ወራት ልዩነቱ ሰባት ስላልሆነ የቀኑ ስም ራሱ ዘበኛ ይሆናል፤ ግንቦት ላይ «ዓርብ 19» ብትለኝ ከሁለቱ 19ኞች ዓርብ የሚሆነው አንዱ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ይለያል። ሐምሌ ላይ ግን ዘበኛው ተኝቷል።

ሐሙስ ማታ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ ሽሮ ሠራሁ። አንድ ሰዓት ሲሆን ደወልኩ።

«የት ደረሳችሁ?»

«የት ነው የምንደርሰው?» አለኝ። ከኋላው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ቤቱ ነው።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብዙ የሚባል ርቀት አይደለም። ቀጠሮው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፣ ከዚያ በፊት የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ነበረ። ጭጋጉን እያሰብኩ አሮጊት ሴትዮ በሌሊት ኮንትራት መኪና አስጭነህ ና ለማለት አልደፈርኩም። ጠዋት ብቻዬን ሄጄ አስረዳሁ። ተረኛዋ ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝ። ተራው ያለፈው ሰው ግን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ነው የሚመለሰው። አዲሱን ቀን በካርዱ ላይ ጻፈችልኝ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ።

እማዬ ስትሰማ አልተቆጣችም። ወንድሜን ግን አንድ ነገር ጠየቀችው፦ «አንተ ለገብርኤል ነው አላልከኝም? እኔ እኮ በገብርኤል ሐኪም ይሠራል ወይ ብዬህ ነበር።»

እውነትም ጠይቃው ነበር። የሐምሌ ገብርኤል ትልቅ በዓል ነው፤ እሷ ደግሞ በቁጥር አትሄድም። ወሩን የምትይዘው በታቦት ነው፦ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም። ጥያቄዋ ወደ እኔ ቢደርስ ኖሮ «የምን ገብርኤል? ለሚካኤል ነው እንጂ!» ብዬ እዘል ነበር። ነገር ግን ወንድሜ «ይሠራሉ እማዬ» ብሎ አለፈው። እኛ ሁለት የተማርን ልጆቿ በስልክ ቁጥር ስንወራወር፣ ስህተቱን የያዘችው ካርዱን ማየት የማትችለው እሷ ነበረች።

ቆይቼ ሳስበው የእሷ አቆጣጠር ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሚካኤልና ገብርኤል ልክ ሰባት ቀን ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በየትኛውም ወር አንዱ ዓርብ ከዋለ ሌላውም ዓርብ ይውላል። ማርያምና አማኑኤልም፣ 21 እና 28፣ እንደዚያው። «የዚህኛው ዓርብ ወይስ የሚቀጥለው» ከማለት «ዓርብ ሚካኤል ወይስ ዓርብ ገብርኤል» ማለት ሁለቱን ዓርቦች ለየራሳቸው ስም ይሰጣቸዋል። ስም ያለው ቀን ደግሞ ከሌላው ጋር አይምታታም። እርግጥ ይህ ለሁሉም አይሆንም፤ ሁሉም ሰው በታቦት አይቆጥርም፣ የሚቆጥረውም የከተማ ልጅ ከሆነ ብዙዎቹን አያውቃቸውም። ዘዴው ግን ይወሰዳል፦ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት አንድ ነገር ላይ ቀኑን ማሰር። «ደሞዝ ከመውጣቱ በፊት ያለው ዓርብ»፣ «ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉበት ዓርብ»።

ከዚያ ወዲህ «የሚቀጥለው ዓርብ» ብዬ አልጻፍኩም። «የፊታችን ዓርብ» የሚለው ይሻላል፤ ብዙ ሰው የቅርቡን ነው የሚረዳው። «የዛሬ ሳምንት»ንም ያለ ግሥ አልልክም፤ «የዛሬ ሳምንት መጥቷል»ም «የዛሬ ሳምንት ይመጣል»ም ይባላልና፣ ግሡ ከሌለ ወዴት እንደሚቆጠር አይታወቅም። ቁምነገር ያለው ቀጠሮ ሲሆን ግን በቃሉ ጥራት አልተማመንም። የቀኑን ስም፣ የወሩን ስምና ቁጥሩን አንድ ላይ እጽፋለሁ። ወሩ የግድ ነው፤ ቁጥር ያለ ወር የማንን አቆጣጠር እንደሚከተል አይናገርም። ቀጥሎ ስንት ሌሊት እንደሚያድር እጨምራለሁ፤ «ከዛሬ አምስት ቀን በኋላ» የሚለውን ሰው ሳምንቱን ከእሑድም ይጀምር ከሰኞ ያው ነው የሚቆጥረው።

ከሁሉ በላይ «እሺ»ን አላምንም። እሺ ማለት «ሰምቻለሁ» ነው፤ ምን እንደሰማ አይነግርህም። እኔና ወንድሜ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ እሺ ተባብለን ነው በሁለት የተለያዩ ቀኖች የተስማማነው። አሁን መልሱን በራሱ ቃል እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፤ «ከቤት የምትነሡት መቼ ነው?» እለዋለሁ። ሰው ጉዞውን ሲቆጥር የያዘው ቀን ይወጣል።

አዲሱ ቀጠሮ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ዓርብ፣ በካርዱ ሴፕቴምበር 20። ይህንኑ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩለት። ወንድሜ በጽሑፍ አልመለሰም፤ ደወለና ስልኩን ለእማዬ ሰጣት።

«ከመስቀል በፊት ያለው ዓርብ ነው ወይስ የመስቀል ለታ?» አለችኝ።

ቆጠርኩ። መስቀል 17 ነው። ሰባት ቀን፤ እሱም ዓርብ ይውላል። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ሌላ ሁለት ዓርብ ተደቅኖልናል።

«በፊት ያለው ነው እማዬ። ሐሙስ ማታ እኔ ጋ ታድሪያለሽ፣ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገቢያለሽ።»

«እንግዲያ ደመራውን አያለሁ» አለች።

ሐሙስ ማታ ከመጨለሙ በፊት በሩ ተንኳኳ።