የጠፋው የጥር ክፍያ

የብድሬን ስቴትመንት ከደረሰኞቼ ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር የጥር ወሩ 12 ሺህ ብር የለም። ገንዘብ ተቀባዩ የብድር ቁጥሩን አሳስቶ ሌላ ማቆያ ሒሳብ ውስጥ ቀርቷል። እኔ ላይ ግን ለ60 ቀን፣ በዓመት 5 በመቶ፣ 98 ብር ከ63 ሳንቲም የቅጣት ወለድ ታስቦብኛል።

“ቅጣቱን እናነሳለን፣ ክፍያውንም ዛሬ እናስገባለን” አሉኝ። አመስግኜ ልወጣ ነበር። ዛሬ ከገባ ግን አልተስተካከለም! ከዚያ ክፍያ 8 ሺው ዋናውን ብድር መቀነስ ነበረበት፤ ስላልቀነሰ በ17 በመቶ፣ በ60 ቀን 223 ብር ከ56 ሳንቲም መደበኛ ወለድ ወልዷል። ይኼኛው ቅጣት የሚል ስም ስለሌለው ስቴትመንት ላይ ለብቻው አይታይም።

ክፍያው ገንዘቡን ከሰጠሁበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብልኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ከሳምንት በኋላ አዲስ ስቴትመንት ሲሰጡኝ ቅጣቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ጥር ቀሪ ዕዳ ሄድኩ። ቀንሷል።