ሌባ ሻይና የልብ ወለድ አስማት

አስማት ያለበት ልብ ወለድ የምትጽፉ ልጆች ሰሞኑን በውስጥ መስመር ረቂቅ እየላካችሁልኝ ነው። ላኩ፣ ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎቹ ላይ ያው አንድ ነገር አየሁ፤ ሰንበቴ በእሑድ ገበያ ግመል ይሰረቃል፣ አዋቂው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌባው ይታወቃል። አራት ገጽ እንኳ አልሞላም እኮ! ከዚያ ወዲያ ምን ልናነብ ነው?

እስቲ የራሳችንን ሌባ ሻይ እንየው። የዘመኑ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ድሮ ንብረት የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻዩን ይጠራል፤ እሱም ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል። ልጁ ይሰክርና በመቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሰዉ ይከተለዋል። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደተበላበት መገመት አያቅትም፤ ኋላ ላይ በመንግሥት ተከለከለ።

ለፍርድ አስቀያሚ ነው፣ ለደራሲ ግን ሀብት። ኃይሉ ቤት ያሳያል እንጂ ሰው አያሳይም። በአንድ ቤት አምስት ሰው ይኖራል፣ እንግዳም ያድራል። ስለዚህ አስማቱ ጥያቄውን ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም። ደግሞ ደንቡን ሌባውም ያውቀዋል። የግመሉን ብር ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ቤት ቢደብቀውስ?

አሁን ዋጋ እንጨምርበት። ይሄ የኔ ፈጠራ ነው፣ በባህሉ የለም። ልጁ በጠጣ ቁጥር የአንድ ሰው ስምና መልክ ይረሳል፤ ከሩቅ ሰው ጀምሮ ወደ ቅርብ። መጀመሪያ አንድ የጨው ነጋዴ ይረሳል፣ ማንም ልብ አይለውም። ቀጥሎ አብሮ አደጉን፤ እዚህ ላይ እናቱ ይገባታል። በሦስተኛው የማን ተራ እንደሆነ እሷም እኛም እናውቃለን። የተሰረቀው ደግሞ የአጎቱ ግመል ነው፣ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት። አጎትየው "ይቺን አንዴ ብቻ፣ በአላህ!" ሲል ማን ደፍሮ እሺ ይላል? ማንስ እምቢ ይላል? ልጁ ገና ሳይጠጣ ታሪኩ ያስጨንቃል።

ብራንደን ሳንደርሰን የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንባቢው የአስማቱን ደንብ በተረዳው ልክ ነው ደራሲው ችግር ሊፈታበት የሚችለው። ስለዚህ የስሙ መጥፋት ከመጀመሪያው መጠጥ ጀምሮ ይታይ። መጨረሻ ላይ ልጁ ድንገት "ሰውዬውን ራሱን አየሁት" ካለ ግን አጭበርብራችሁናል።

ረቂቃችሁን እንዲህ ፈትሹ። ዋጋውን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት። የሚቀጥለው ትዕይንት ምንም ካልተለወጠ ዋጋው ጌጥ ነበር ማለት ነው። "በጣም ደከመው" የምትሉት አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ይተኛል፣ በማግስቱ ደህና ይነሳል። እናቱን የረሳ ልጅ ግን በማግስቱም እሷው እጅ ላይ ነው ቁርስ የሚበላው።