ከአራተኛ ፎቅ የተጣራ ስም

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛችን (መስፍን እንበለው) ቤት ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ሄደን፣ ገንፎውን ሳንጨርስ ሙግት ውስጥ ገባን። ሕፃኗ ስም የላትም። እናትየው «ሰላም» ትላለች፣ መስፍን «ሊያ»፣ አያትየው ደግሞ ሰባት ዓመት ጠብቀው ያገኟት የልጅ ልጅ ናትና «ትዕግሥት ነው፣ አለቀ!» ብለዋል። እኛ ሦስታችን ዳኛ ተባልን። ጉድ እኮ ነው!

ስም የሚፈተነው ሲጠሩት ነውና በረንዳ ላይ ወጣን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ታች ዘበኛው ተቀምጠዋል።

«ሰላም መስፍን!» ስንል ጉዱ ወጣ። የመጀመሪያው ስም በ«ም» ያልቃል፣ ሁለተኛው በ«መ» ይጀምራል። ሁለቱ ተጣብቀው አንድ የጠበቀ «መ» ሆኑና ዘበኛው «ሰላ ናት ያላችሁኝ?» አሉን። ስማችን ከአባት ስም ጋር ተቆራኝቶ ስለሚጠራ፣ መጋጠሚያውን ሳይሰሙ መወሰን አደጋ አለው።

«ትዕግሥት!» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፊደሎቹ በሙሉ ሳድስ ናቸው፤ በዚያ ላይ «ስ» እና «ት» መጨረሻ ላይ ተደራርበዋል። ድምፅ የሚሳበው በአናባቢ ነው፤ እዚህ የሚሳብ ነገር የለም፣ ጩኸቱ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። «ሊያ» ግን በራብዕ ስለምታልቅ «ሊያኣኣ» ብለን እስክንጠግብ ጎተትናት። ከ«መስፍን» ጋርም አትጋጭም።

ታዲያ ምቱስ? እንግሊዝኛ አንዱን የቃል ክፍል ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ በእኛ ቋንቋ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው መጥበቅ ነው። «አበበ ቢቂላ» በሉ እስቲ። የመጀመሪያው «በ» ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአናባቢ እየተከፈተ ይንከባለላል። ሦስት ክፍል በሦስት፣ «በ» «በ» «ቢ» እየተከታተለ! ሰውየው በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ባያሸንፍም እንኳ ስሙ ከአፍ የሚጠፋ አይመስለንም። (ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም፤ የበዓሉ «ገና» እና «ገና ነው» የምንለው አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ ስም በወረቀት አትምረጡ።)

ለ«ሊያ» ልንፈርድ ስንል አያትየው ብድግ አሉ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው «ትዕግሥትዬዬዬ!» ብለው ለቀቁት። አፈርን። እኛ ስሙን ራቁቱን ነበር የፈተንነው፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም እንዲያ አይጠራትም። «ዬ» ስትጨመር ያ የታፈነው ጫፍ ተከፈተ፣ «ቲጂ» ሲሏትም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ በየክፍሉ ሊያዎች ሞልተዋል፤ ለጆሮ የጣመ ሁሉ ከጆሮ አይቀርም።

ማታ ስንወጣ ዘበኛው በሩን እየከፈቱልን «ትዕግሥትዬ ተኛች?» አሉን። ስለ ሊያ የጠየቀን የለም።