የድምፅ መልእክቱን የሰማው ማነው?

አክስቴ ሽሮ ሜዳ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። የሐበሻ ቀሚስ ታሠራለች፣ ትሸጣለች። ድሮ ደንበኞቿ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ አሁን ግን ግማሾቹ ሪያድ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ናቸው፤ የሚያገኟትም በዋትስአፕ ነው። አንደኛ ዓመትን ጨርሼ ክረምቱን ቤት ስቀመጥ፣ "አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኛ እሆናለሁ ትዪ የለ? በይ እንግዲህ ለሰዎቹ መልስ ስጪልኝ" ብላ ሥራውን ሰጠችኝ። ደመወዜም ተቆረጠ።

መጀመሪያ የሱቁን ስልክ ወደ ዋትስአፕ ቢዝነስ ቀየርኩት። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። የቀሚሶቹን ፎቶ ከነዋጋቸው ካታሎጉ ላይ ደረደርኩ። ከዚያም ስልኩ አክስቴ ዘንድ ሱቅ ውስጥ እንዲቀር አድርጌ እኔ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ አገናኘሁት። ሁለታችንም አንድ ዓይነት መልእክት እናያለን ማለት ነው። ያኔ ይኼ ትልቅ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

በቀን እስከ ሠላሳና አርባ መልእክት ይመጣል። አብዛኛው "ዋጋው ስንት ነው?" የሚል ነው። ለእሱ አጭር መልስ አዘጋጀሁ፤ /waga ብዬ ስጽፍ ሙሉው መልስ ራሱ ይወጣል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚለጠፍ መለያ አለው፤ New order፣ Pending payment፣ Paid እያለ። ደንበኛው አያየውም፣ ለሻጩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ "ሸማኔ ጋ" እና "ቅሬታ" የሚሉ ሁለት ጨመርኩ። መለያው ግን ራሱን አይቀይርም። ገንዘብ የከፈለ ሰው ላይ Paid ለጥፌ የድሮውን ካላነሳሁ፣ ሰውየው ከፋይም ባለዕዳም ሆኖ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ስለመጣ ብቻም Paid አልልም። ፎቶ ይቀባባል፤ አክስቴ ብሩ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን ስታረጋግጥ ብቻ ነው የምለጥፈው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ የወደቅሁት ሌላ ቦታ ነው። ሪያድ ያለች አንዲት ደንበኛችን ለእህቷ ሠርግ የሚሆን ቀሚስ አዘዘች። ደረት፣ ወገብና ቁመት ጻፈችልን፤ ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር። "ሸማኔ ጋ" ብዬ ለጠፍኩ። ቀሚሱ አልቆ ከመንገደኛ ጋር ተላከ። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው "አጠረኝ!" የሚል መልእክት መጣ።

እኔም አላመነታሁም። 135 ብላ የጻፈችውን ፎቶ አንስቼ፣ "እህቴ፣ የላኩልን ልክ ይኼው" ብዬ መለስኩላት። እሷም "ከዚያ በኋላ የላክሁትን ቮይስ ስሚው" አለችኝ። ወደ ላይ ወጥቼ ፈለግሁ። የአርባ ሰከንድ ድምፅ አለ። ስለ ጥለቱ ቀለም አውርታ አውርታ መጨረሻ ላይ፣ "ረጅም ጫማ ስለማደርግ ቁመቱን 145 አድርጉልኝ" ትላለች።

ምን እንደሆነ የገባኝ አክስቴን ስጠይቃት ነው። ድምፁን ሱቅ ውስጥ ሆና ከፍታ ሰምታዋለች፤ ደንበኛ ስለነበረባት የቀለሙን ነገር ብቻ ይዛ ለሸማኔው ነገረች። እሷ ስትከፍተው ደግሞ ያልተነበበ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት እኔ ኮምፒውተር ላይም ጠፋ። እኔ መልስ የተሰጠው መስሎኝ አለፍኩት። በፍለጋ ልደርስበትም አልችልም ነበር፤ 145 ብዬ ብፈልግ የሚገኘው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው፣ የተነገረ አይደለም።

አክስቴ አልተቆጣችኝም፤ ዝም አለች። እሱ ይብሳል። በራሷ ወጪ ሌላ ቀሚስ አሠርታ ላከችላት፤ ሠርጉ ግን አልፎ ነበር። እኔን የቆጨኝ ከቀሚሱ ይልቅ ያ የላክሁት ፎቶ ነው። ቅሬታ ሲመጣ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሳላነብና ሳልሰማ፣ ደንበኛዋን ውሸታም አድርጌያት ነበር።

አሁን ሦስት ነገር ለውጠናል። አክስቴ የድምፅ መልእክት ከሰማች በኋላ ጣቷን ንግግሩ ላይ ተጭና "ያልተነበበ" አድርጋ ትመልሰዋለች፤ እኔ እንዳየው። እኔም ሰምቼ ስጨርስ ትዕዛዙን በጽሑፍ አደርገዋለሁ፦ "ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል፣ ቁመት 145፣ ጥለቱ አረንጓዴ፤ ልክ ነው?" ደንበኛዋ "አዎ" እስክትል ድረስ "ሸማኔ ጋ" የሚለው መለያ አይለጠፍም። "ቅሬታ" የተለጠፈበትን ደግሞ ከመጀመሪያው መልእክት አንስቼ ሳልጨርስ አልመልስም።

ይኼ አሠራር ጊዜ ይወስዳል። "አንዴ ነገርኳችሁ አይደል እንዴ!" የሚሉም አሉ። የሪያዷ ደንበኛ ግን ባለፈው ወር ለልጇ ክርስትና ነጠላ አዘዘች። እንደ ልማዷ በድምፅ ነው። ጽፌ መልሼ ስልክላት፣ "አሁን ሰማችሁኝ" ብላ ጻፈች።