«10 ፐርሰንት ጨምርበት» ለፌሮ ትዕዛዝ አይበቃም

ሰሞኑን አክስቴ ሳጉሬ ላይ ለምታሠራው ቤት የሶሌታ ፌሮ ልታዝ ነበር። ሳጉሬን ለማታውቁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሥራውን የያዘው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ጎበዝ ፌራዮ ሆኗል። ስንት ቤርጋ እንደሚያስፈልግ ስጠይቀው «ቲቸር፣ በሜትር እናሰላና ለኦቨርላፕና ለብክነት 10 ፐርሰንት እንጨምርበታለን» አለኝ። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሠራው። እስኪ በቁጥር እንየው ተባባልን። ቤት የምትሠሩ ወይም ልትሠሩ ያሰባችሁ ስላላችሁ እዚህም ላካፍላችሁ።

መሬት ላይ የሚያርፍ ሶሌታ ነው። ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር። ፕላኑ ባለ 8 ፌሮ በየ 20 ሳንቲሙ በሁለቱም አቅጣጫ ይላል። ከጠርዝ 5፣ 5 ሳንቲም ለኮንክሪት ሽፋን ስንተው የፌሮው ርዝመት በአንድ በኩል 13.90፣ በሌላው 7.90 ሜትር ይሆናል። ቆጠራው ቀላል ነው፤ 7.90ን ለ 0.20 ስታካፍሉ 39.5 ይመጣል፤ ወደ 40 ክፍተት ይጠጋል፤ 40 ክፍተት ደግሞ 41 ፌሮ ይፈልጋል። (ያቺን የመጨረሻዋን አንድ የሚረሳ ሰው አይጠፋም። የአጥር ቋሚ ጥያቄ ትዝ ይላችኋል?) በዚሁ መንገድ አጭሩ ፌሮ 71 ይሆናል።

ረጅሙ 41 ጊዜ 13.90፣ አጭሩ 71 ጊዜ 7.90፣ በድምሩ 1,131 ሜትር ገደማ። 10 ፐርሰንት ጨምራችሁ ለ 12 ስታካፍሉ 104 ቤርጋ ይመጣል። ልጁ ሊያዝ ያሰበው ይህንን ነበር።

ችግሩ ፌሮ እንደ ጨርቅ በሜትር አይሸጥም፤ በ 12 ሜትር ቤርጋ ነው የሚመጣው። 13.90 ደግሞ ከ 12 ይበልጣል። ስለዚህ 41ዱም ረጃጅም ፌሮዎች የግድ ይቀጠላሉ። ቤቱ 11.90 ቢሆን ኖሮ አንድም ኦቨርላፕ አያስፈልግም ነበር። አያችሁ፣ ኦቨርላፕ የፐርሰንት ነገር አይደለም። የቤታችሁ ርዝመት ከ 12 ሜትር ጋር እንዴት ይገጥማል የሚለው ነው የሚወስነው።

ኦቨርላፑ ስንት ይሁን? የሁለቱን ፌሮ ጉልበት የሚያስተላልፈው በመሃላቸው ያለው ኮንክሪት ነው። ጥቁሩ ሽቦ ሥራው ኮንክሪት እስኪሞላ ፌሮው እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ብቻ ነው፤ አጥብቃችሁ ስላሰራችሁ አጭሩ ኦቨርላፕ ረጅም አይሆንም። ኮንክሪቱ በደንብ እንዲጨብጠው አብዛኛውን ጊዜ የፌሮው ውፍረት ከ 40 እስከ 60 እጥፍ ርዝመት ይሰጣል። ኮንክሪቱ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ኦቨርላፖቹ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ፣ ወደ ላይኛው ቁጥር ይሄዳል። ትክክለኛውን የሚወስነው ፕላኑ ላይ የተጻፈው ነው። የእኛ ፕላን 50 እጥፍ ይላል፤ ለባለ 8 ማለት 40 ሳንቲም።

እንግዲህ ለአንድ ረጅም ፌሮ አንድ ሙሉ ቤርጋ እና 2.30 ሜትር ቅጥያ ያስፈልጋል፤ 12 ሲደመር 2.30፣ ሲቀነስ 0.40፣ 13.90 ይሰጣል። አጭሩን ስንቆርጥ ደግሞ ከ 12 ላይ 7.90 ወጥቶ 4.10 ይተርፋል። ቅጥያዎቹን ከአዲስ ቤርጋ ከቆረጣችሁ፣ አንዱ አምስት ስለሚወጣው 9 ቤርጋ ይጨመራል፤ ድምሩ 41፣ 71 እና 9፣ ማለትም 121 ይሆናል። ቅጥያዎቹ ከ 4.10ሩ ትራፊ ከወጡ ግን 112 ይበቃል። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጭሩ ፌሮ ቀድሞ ይቆረጥ። ረጅሙን ቀድሞ የጀመረ ሠራተኛ ትራፊው ገና ስላልተፈጠረ አዲስ ቤርጋ ላይ ነው የሚሄደው።

41 ትራፊ ለቅጥያ ሄዶም 30 ትራፊ ይቀራል። ልጁ ይህን ሲያይ «ቲቸር፣ ሁለት ሁለቱን ቀጥለን ለምን አጭር ፌሮ አናደርጋቸውም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሁለት 4.10 ድምሩ 8.20 ነው፤ ከዚያ 7.90 ሲቀነስ ለኦቨርላፕ የሚቀረው 30 ሳንቲም ብቻ ነው። 10 ሳንቲም ይጎድላል። ፌሮ ሲያጥር የሚሰረቀው ከዚህ ነው። መረቡ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ታስሯል፣ ማንም ልብ አይለውም። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ፣ በተለይ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ መሬት ላይ ከሆነ፣ ወለሉ በቅጥያው መስመር ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማታ ደወለልኝ። 10 ቤርጋ እያንዳንዱን 4.20፣ 4.20 እና 3.60 አድርጎ ቢቆርጥ፣ 4.20ው ከ 4.10ሩ ጋር ልክ 40 ሳንቲም ኦቨርላፕ ይሰጣል፤ 3.60ውም 2.30 ቅጥያ ይወጣዋል። ድምሩን ሠራነው፣ 102 ቤርጋ! ከ 104ቱም ያነሰ። በጣም ደስ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያስብ ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

እኔ ግን 112ቱን ነው የመከርኩት። በ 102ቱ አሠራር 20 ተጨማሪ ቅጥያ ይኖራል፣ ለስህተትም ቦታ የለውም፤ መጋዙ አንድ ሳንቲም ቢስት ኦቨርላፑ ያጥራል። በ 112ቱ የሚተርፈውም አይጣልም። የላይኛው ቢም ስታፋ ባለ 8 ነው፣ አንዱ 1.20 ሜትር ይፈጃል። ከ 4.10ሩ ሦስት፣ ከቅጥያ ከተረፈው 1.80 ደግሞ አንድ አንድ ስታፋ ይወጣል፤ ድምሩ 131። በመጨረሻ የሚጣለው ቁርጥራጭ 40 ሜትር ገደማ፣ ከጠቅላላው 3 ፐርሰንት ነው። እውነተኛው ብክነት ይቺ ናት።

ፌሮው ሲራገፍ ግን ለኩ። ቤርጋው 12 ተብሎ 11.80 ከሆነ፣ በ 2.30 ቅጥያ የሚቀራችሁ ኦቨርላፕ 20 ሳንቲም ነው፣ ግማሽ! ስለዚህ ቅጥያው የሚቆረጠው ሙሉው ከተለካ በኋላ ይሁን። ከቻላችሁም መዝኑ፤ ባለ 8 በሜትር 0.395 ኪሎ ስለሆነ 10 ቤርጋ 47 ኪሎ ተኩል ሊጠጋ ይገባል። በጣም ካነሰ ውፍረቱ 8 አይደለም ማለት ነው። ቅጥያዎቹንም አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያፈራረቁ ማሰር ነው፤ ኦቨርላፑ አንድ መስመር ላይ እንዳይሰለፍ።

ይህ ሁሉ መሬት ላይ ላረፈ ሶሌታ ነው። ፎቅ ከሆነ ቅጥያው የትም አይደረግም። የታችኛው ፌሮ ከቢሙ አጠገብ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ክፍሉ መሃል ነው የሚቀጠለው። ያን ጊዜ ቁራጮቹ ሌላ ርዝመት ስለሚይዙ የዛሬው ስሌት አይሠራም፤ መሃንዲሱን ጠይቃችሁ እንደ አዲስ ቁጠሩ።

አክስቴ 114 አዘዘች፤ ሁለቱ መጠባበቂያ። ባለሱቁ «ለዚህች ቤት ስንት ኩንታል ፈለግሽ?» ሲላት በቤርጋ እንጂ በኩንታል አልገዛም ብላ የቁርጥ ዝርዝሩን አሳየችው። ልጁም ዝርዝሩን መቁረጫው አጠገብ ለጥፎታል፤ አንደኛው መስመር «መጀመሪያ 7.90፣ 71 ፍሬ» ይላል።