ዒድ ከሂሳብ መዝጊያ ጋር ሲገጥም



አገር ቤት ዒድ የሕዝብ በዓል ስለሆነ አለቃውም ሠራተኛውም እኩል ቤቱ ይውላል። እዚህ ግን በሥራ ቀን ከዋለ የምትቀሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ቀኑ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር ከገጠመ ደግሞ ፈቃድ መጠየቁ ራሱ ያስጨንቃል።

በ2025 እዚሁ ሌክ ሃይላንድስ ያለች ጎረቤቴን የገጠማት ይህ ነው። ሂሳብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ድርጅቱ ዓመቱን የሚዘጋው ማርች 31 ነው። የዚያን ዓመት ዒድ አል-ፊጥር ወይ እሑድ ማርች 30 ወይ ሰኞ ማርች 31 ነበር። የእሷ መስጂድ ጨረቃ ጠብቆ ስለሚያውጅ ቀኑ የሚለየው ቅዳሜ ማታ ነው። «ለዒድ እሑድ ወይም ሰኞ ፈቃድ እፈልጋለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ ኃላፊዋ «በመዝጊያ ሳምንት ለማንም ፈቃድ የለም» አላት።

ወደ እኔ የመጣችው እኛ ነርሶች ፈረቃ ስንለዋወጥ ስለምንኖር ነው። የፈረቃው ኃላፊ ነርስ አንድ ቀን ስትጠየቅ መጀመሪያ የምታስበው ስለ ምክንያትሽ ሳይሆን «በሽተኞቹን ማን ይይዛል?» ብላ ነው። የሂሳብ ኃላፊውም ጥያቄ ያው ነው። ስለዚህ «ሰኞ ዕለት የግድ ባንቺ እጅ የሚያልፈው ሥራ የቱ ነው?» አልኳት።

ሥራዋ የአቅራቢዎችን ኢንቮይስ ከታዘዘውና ከገባው ዕቃ ጋር አመሳክሮ መመዝገብ ነው። ዕቃው ገብቶ ኢንቮይሱ ያልደረሰ ከሆነ ወጪው በግምት በዚያው ዓመት መያዝ አለበት፤ ያ ከተዘለለ የዓመቱ ትርፍ ከእውነተኛው በላይ ይታያል። ኃላፊው የሚፈራው ይህን ነው። ቁጭ ብለን ስንቆጥረው ግን አብዛኛው እስከ አርብ ማርች 28 ሊያልቅ ይችላል። ለሰኞ የሚቀረው በዕለቱ የሚገባው ብቻ ነው፤ የጥቂት ሰዓት ሥራ።

ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድማ እንደገና ጻፈች። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦

«ዒድ እሑድ ከሆነ ሰኞ እንደ ወትሮው እገባለሁ። ሰኞ ከሆነ ከሁለት አንዱን ይምረጡልኝ። አንደኛ፣ ጠዋት ሰግጄ ከቀትር በኋላ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ፤ የዕለቱ ምዝገባ እስኪያልቅ አልነሣም። ሁለተኛ፣ ሙሉ ቀን ቀርቼ ማክሰኞ ማለዳ እገባለሁ፤ የሰኞውን ኢንቮይስ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትይዝልኛለች፣ ተስማምታለች። በሁለቱም ቢሆን እስከ አርብ ያለውን ጨርሼ፣ የቀረውን በዝርዝር አስረክባለሁ። የትኛው ቀን እንደሆነ ቅዳሜ ማታ በጽሑፍ አሳውቃለሁ።»

ኃላፊው የመጀመሪያውን መረጠ። ቅዳሜ ማታ መስጂዷ ዒዱ ሰኞ ነው አለ፤ ጠዋት ሰግዳ፣ ልጆቿን አብልታ፣ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሙሉ በዓል አይደለም፤ ሰላቱና የልጆቹ ጠዋት ግን አላመለጣትም።

የደብዳቤው ጉልበት ያለው ቀኑ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር በግልጽ በማስቀመጡ ነው። «እሑድ ወይም ሰኞ» ብቻ ሲባል ኃላፊው ሁለቱንም ቀን እንዳጣ ይቆጥራል። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ» ሲባል ግን የሚያጣው ቢበዛ አንድ ቀን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያውቅም ያያል።

አማራጭ ስታቀርቢ የማትችዪውን አትጨምሪ። በረመዷን የመጨረሻ ሌሊቶች ቆመሽ፣ ጾመሽ፣ «ቅዳሜና እሑድ ሙሉውን እሠራለሁ» ማለት ለአንቺም ለሥራውም አይበጅም፤ ደክሞሽ የተሳሳተ ቁጥር ብታስገቢ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄሽ ይከብዳል። ይተካኛል የምትዪውም ሰው አስቀድሞ እሺ ያለ ይሁን።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ አሜሪካ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለሃይማኖት ሲባል የሚጠየቀውን ማመቻቸት አለበት። እምቢ ሊል የሚችለው ሥራው ላይ ከባድ ጫና ከመጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ትንሽ ወጪ ብቻውን ለእምቢታ እንደማይበቃ ወስኗል። ሕጉ ግን አንቺ የመረጥሽውን መንገድ የግድ ይቀበል አይልም፤ ቀኑን ይክፈልሽም አይልም። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ይዞ መሄድ ከሕጉም ጋር ይስማማል። ጥያቄውም መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2030ዎቹ መጀመሪያ ዒድ አል-ፊጥር ጃንዋሪ ላይ ይውላል፤ ዲሴምበር 31 ዓመታቸውን የሚዘጉ ድርጅቶች ሂሳባቸውን የሚያጠናቅቁበት ወር ነው። ሂሳብ ክፍል ያላችሁ እህቶች፣ ኢንሻአላህ ያኔ የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ በዕለቱ የግድ በእጃችሁ የሚያልፈው ሥራ የቱ ነው?