ኢንሱሊንና የሸክላ ማሰሮ

በድሬዳዋ የግንቦት ሐሩር ሲበረታ የእናቴ ኢንሱሊን የሚያድረው በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ ማቀዝቀዣ የለንም። ትንሹ ማሰሮ በሰፊው ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጧትና ማታ በውኃ ይርሳል። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልዬ በትንሹ ማሰሮ አኖርና አፉን በርጥብ ጨርቅ እሸፍናለሁ።

ቅዝቃዜው የሚገኘው ውኃው በሸክላው ሰርጎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ማሰሮው ጥላና ነፋስ ይሻል። በአንድ ደረቅ ቀትር ውጪው 36 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን 26 አገኘሁት፤ ዝናብ አየሩን ባረጠበው ቀን ግን ልዩነቱ እጅግ አነሰ።

ማሰሮው ማቀዝቀዣን አይተካም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚሻ ትርፉ በጤና ጣቢያ ይቆይልናል፤ ወደ ቤት የምናመጣው አንድ ብቻ ነው። የተከፈተበትን ቀን እጽፍበታለሁ፤ ከ28 ቀን በኋላ አንጠቀምበትም። የጠራው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ነጩም ከጓጎለ ይጣላል። ዓይን የማያየው ብልሽትም አለና፣ መድኃኒቱ በልኩ እየተወጋ የእናቴ ስኳር ያለምክንያት ከጨመረ፣ አስቀድመን የምንጠረጥረው ብልቃጡን ነው።